የልጅ የውጭ ትምህርት ገንዘብ፦ በዶላር ሒሳብ ወይስ በብር?

ሐዋሳ ውስጥ ልጁን ውጭ አገር ለማስተማር የሚቆጥብ ቤተሰብ ባንክ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ወለዱ ላይ ነው። የብር ቁጠባ ሒሳብ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። ይህ ብሔራዊ ባንክ በ2010 መጀመሪያ ከ5 በመቶ ከፍ ያደረገው ዝቅተኛው ወለድ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ግን ተንቀሳቃሽ ከሆነ ወለድ አይታሰብበትም። በጊዜ ገደብ ከተቀመጠም የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ 2 በመቶ እንበል። 7 እና 2 ጎን ለጎን ሲቀመጡ 7 የሚበልጥ ይመስላል።

ችግሩ ሁለቱ ወለዶች የሚለኩት በተለያየ ገንዘብ መሆኑ ነው። አንዱ ብር ይጨምርላችኋል፣ ሌላው ዶላር። የዩኒቨርሲቲው ክፍያ ደግሞ በብር አይደለም። ስለዚህ ብሩ በዓመት ስንት ዶላር እንደሚገዛ ሳናይ 7 ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ማነጻጸሪያው ቀላል ነው። ዛሬ አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል፤ ለስሌት እንዲመች ነው፣ የዕለቱን ተመን ከባንካችሁ እዩ። አንድ ሰው 150 ብር በብር ሒሳብ ቢያስቀምጥ በዓመቱ 160 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆንለታል። ሌላው 1 ዶላር በ2 በመቶ ቢያስቀምጥ 1 ዶላር ከ2 ሳንቲም ይኖረዋል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት የዶላር ዋጋ 157 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ ሲደርስ ነው። ማለትም ብር በዓመት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ከደከመ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከዚያ በላይ ከደከመ ዶላሩ ያሸንፋል። ከዚያ በታች ከሆነ ብሩ። በሦስት ዓመት ሲሰላ የእኩልነቱ መስመር 173 ብር ላይ ይመጣል። ከወለዱ ላይ ግብር ስለሚቆረጥ መስመሩ በትክክል ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ለማቅለል ብዬ ከስሌቱ አውጥቼዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠ። «ወለዱ ስንት ነው?» ሳይሆን «ብር በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ይደክማል ወይ?» ሆነ። ወደፊት ያለውን ማንም አያውቅም። ያለፈውን ግን ማየት ይቻላል፣ ያለፈው ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ያሳያል።

በ2002 መጨረሻ ላይ መንግሥት የብርን ዋጋ ዝቅ ሲያደርግ ዶላር ወደ 16 ብር ከግማሽ ገደማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል ተመኑ በየቀኑ በሳንቲም እየተንፏቀቀ ወጣ። መስከረም 2010 ሲያልቅ 23 ብር ከግማሽ አካባቢ ነበር። ይህ በዓመት ሲካፈል 5 በመቶ ገደማ ነው። የቁጠባ ወለዱም ያኔ 5 በመቶ ነበር። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ በብር የቆጠበ ሰው በይፋዊው ተመን ሲለካ የጎዳው ነገር አልነበረም። ወለዱ የተመኑን መንፏቀቅ ይሸፍንለት ነበር።

ከዚያ ጥቅምት 1 ቀን 2010 መጣ። በአንድ ቀን ዶላር ወደ 27 ብር ተጠጋ። ሰባት ዓመት ሲመጣጠን የኖረው ነገር በአንድ ጧት ተናጋ። ከዚያ በኋላ ያለው መንፏቀቅም ፈጠን ያለ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ላይ ተመኑ 57 ብር አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዓመቱ ከ130 በላይ ነበር።

በሐምሌ 2016 አጋማሽ 57,000 ብር ቁጠባ የነበረውን ሰው እንውሰድ። በይፋዊው ተመን 1,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከነወለዱ 60,990 ብር ሆነለት። ወለዱ በትክክል ተከፍሎታል፣ ደብተሩም ላይ ቁጥሩ አድጓል። ያ ገንዘብ ግን የሚገዛው ከ470 ዶላር በታች ሆኗል።

እዚህ ጋ ለእውነት ስል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ያ 57 ብር በወረቀት ላይ ያለ ዋጋ ነበር። በዚያ ዋጋ ለትምህርት ዶላር ለማግኘት ወረፋው የሚያልቅ አልነበረም። በጥቁር ገበያ ዶላር እጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ «ግማሹን ከሰረ» የሚለው ቁጥር ኪሳራውን ያጋንናል፤ የቆጣቢው ብር በተግባር ቀድሞውኑ ተዳክሞ ነበር፣ ደብተሩ ብቻ አልነገረውም። የተመን ለውጥን ስትመለከቱ ይህን አትርሱ። ይፋዊው ተመንና የጥቁር ገበያው ዋጋ በተራራቁ ቁጥር ይፋዊው ተመን አንድ ቀን ተንደርድሮ ያንን ርቀት የመሸፈን ዕድሉ ይጨምራል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ደግሞ ዝላዩ ይቀንሳል፣ መንፏቀቁ ይቀራል። ከየትኛውም ትንበያ ይልቅ እኔ የማየው ይህንን ክፍተት ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ብሩን ወደ ዶላር ሒሳብ ያዛውር? አይችልም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የባንኩ ሠራተኛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ወለድ ወይም ተመን አይደለም። «ገንዘቡ ከየት የመጣ ነው?» ትላለች።

በሐምሌ 2016 የወጣው የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል። ገንዘቡ ግን ራሱ በውጭ ምንዛሪ የገባ መሆን አለበት። ከውጭ በባንክ የተላከ፣ በዶላር የሚከፈል ደመወዝ፣ በዶላር የሚከፈል የቤት ኪራይ እና የመሳሰለው። ከዚህ ሒሳብ ላይ ለውጭ አገልግሎት መክፈል ይቻላል፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የጉዞ ወጪ በግልጽ ተጠቅሰዋል። ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ የተገኘ ብር፣ ከዩኒቨርሲቲ ደመወዝ የተቆረጠ ብር፣ የዕቁብ ብር ግን ወደ ዶላር ተለውጦ ይቆጠብ ዘንድ መንገድ አልተከፈተለትም። በብር ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥ አይቻልም። የሚገዛው ክፍያው ሲደርስ፣ ማስረጃ ይዞ ነው። ከጥቁር ገበያ ተገዝቶ «ከውጭ መጣ» ተብሎ የሚገባ ዶላርም አለ። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ለቪዛ የባንክ መግለጫ ሲጠየቅ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ሕገወጥ መሆኑ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ብዙው ቤተሰብ ምርጫው «ዶላር ወይስ ብር» አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ፤ የእያንዳንዱ መንገድ የተለያየ ነው። ይህን በአንድ ቤተሰብ ላይ እንየው። ቤተሰቡ ለምሳሌ የተሠራ ነው፣ ቁጥሮቹ ግን ብዙ ቤት ያሉ ናቸው።

አቶቴ አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ መምህር ነው፣ እሷ የልብስ ሱቅ አላት። ልጃቸው ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገብታለች። 12ኛን ስትጨርስ፣ ማለትም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ውጭ ልትማር ነው ዕቅዱ። ለመጀመሪያው ዓመት ትምህርትና ኑሮ ዛሬ ባለው ዋጋ 8,000 ዶላር ይፈልጋሉ። አሜሪካ ያለችው የእናትየው እህት በየወሩ 150 ዶላር ለዚሁ ትልካለች። ባልና ሚስቱ ደግሞ ከራሳቸው 12,000 ብር በወር ይቆጥባሉ።

መጀመሪያ የአክስትየውን ገንዘብ እንከተል። በሐዋላ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ የመግዣ ተመን ተመንዝሮ ብር ሆኖ ነው የሚከፈለው። ቤተሰቡ ያንን ብር አስቀምጦ ከሦስት ዓመት በኋላ ለክፍያ ዶላር መልሶ ይገዛል። ሲሸጥ በመግዣ ተመን ነው፣ ሲገዛ በመሸጫ ተመን። ላዩ ላይ ኮሚሽን አለ። መግዣው 150፣ መሸጫው 153፣ ኮሚሽኑ 3 በመቶ ነው እንበል። 150 ዶላር ሲመነዘር 22,500 ብር ይሆናል። በዚያው ቀን መልሰው ቢገዙ አንድ ዶላር 157 ብር ከ59 ሳንቲም ያስወጣቸዋል። የሚያገኙት 143 ዶላር ገደማ ነው። አንድም ቀን ሳያድር፣ ብር ምንም ሳይደክም፣ ወደ 7 ዶላር ሄደ። ከመቶ 5 ገደማ ማለት ነው።

ይህ ወጪ በየትኛውም የወለድ ማነጻጸሪያ ውስጥ አይታይም። ግን የአንድ ዓመት የወለድ ልዩነትን ብቻውን ይበላል።

አሁን ሦስቱን ዓመት እንቁጠር። ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ገብቶ በ2 በመቶ ቢቆይ፣ 36 ጊዜ 150 ዶላር 5,400 ነው፤ ከወለዱ ጋር 5,560 ገደማ ይሆናል። ወለድ ባይኖረውም 5,400 አለ።

ብር ሆኖ በ7 በመቶ ቢቀመጥስ? ብር በዓመት 5 በመቶ ብቻ ቢደክም፣ መልሶ ሲገዛ 5,280 ዶላር ገደማ ያገኛሉ። ብሩ በወለድ አሸንፎ እንኳ በምንዛሪ ወጪው ተሸነፈ። ዶላር በዓመት በ12 በመቶ ቢወደድ ደግሞ 4,810 ገደማ ነው የሚደርሳቸው። ከዶላር ሒሳቡ ጋር ሲነጻጸር ወደ 750 ዶላር ጎደለ፤ አክስትየው አምስት ወር ሙሉ የላከችው ገንዘብ ነው። 12 ያልኩት ከሜዳ አይደለም። ከጥቅምት 2010 እስከ ሐምሌ 2016፣ ዝላዮቹን ሳንቆጥር፣ ዶላር በይፋዊው ተመን የተወደደው በዓመት በዚያ አካባቢ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ክፍል ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ዶላር ሆኖ የመጣና ዶላር ሆኖ የሚወጣ ገንዘብ በመሐል ብር መሆን የለበትም። ብር የሚያሸንፈው ሦስት ዓመት ሙሉ ተመኑ ባለበት ቢቆም ወይም ከዚያ ትንሽ ብቻ ቢያልፍ ነው፤ ያ ቢሆን እንኳ የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ብር ቢዘል የሚጠፋው ግን ብዙ ነው።

በተግባር ግን አንድ ነገር መቅደም አለበት። አክስትየው ከመላኳ በፊት ቤተሰቡ የውጭ ምንዛሪ ሒሳቡን ከፍቶ ቁጥሩን፣ የባንኩን የስዊፍት ኮድ እና በባንኩ የተመዘገበውን ስም ፊደል በፊደል ሊልክላት ይገባል። በፓስፖርት ላይ ያለው ስምና በሒሳቡ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ ገንዘቡ ሊመለስ ወይም ሊታገድ ይችላል። ሁለተኛው የዝውውር ክፍያ ነው። በባንክ በኩል 150 ዶላር በየወሩ ሲላክ ላኪው ባንክና መሐል ያሉት ባንኮች የሚቆርጡት ቋሚ ክፍያ አለ፤ ለትንሽ ገንዘብ ከባድ ነው። በሦስት ወር አንዴ 450 ዶላር መላክ ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ላኩና የደረሰውን ቁጥር ከተላከው ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱ ያንን ክፍያ ያሳያችኋል።

አክስትየው ገንዘቡን እዚያው በራሷ ስም ብታስቀምጠውስ? በወለድ በኩል ይሻላል ማለት ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት የሚሠሩ ባንኮች ቁጠባ ላይ የሚከፍሉት ከዚህ ካለው የዶላር ሒሳብ ይበልጣል። ግን ገንዘቡ የእሷ ይሆናል። ለቪዛ የወላጅ የባንክ መግለጫ ሲጠየቅ አይታይም፤ እሷ ስፖንሰር ሆና የራሷን ማስረጃ ማቅረብ ይኖርባታል። ሕመም፣ ፍቺ፣ የሥራ መጥፋት ሲመጣም ገንዘቡ የቤተሰቧ ገንዘብ ነው። ብዙ ቤት በዚህ ተቀያይሟል። እህትማማቾች ተነጋግረው ቢወስኑት ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ 12,000 ብሩ እንመለስ። ይህ ብር ዶላር መሆን የሚችለው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት 432,000 ብር ይቆጠባል፤ በ7 በመቶ ወለድ 479,000 ገደማ ይሆናል። ዶላር በዓመት በ12 በመቶ ቢወደድ መሸጫው ከሦስት ዓመት በኋላ 215 ብር ነው። ከነኮሚሽኑ 221። ያ ሁሉ ብር 2,160 ዶላር ገደማ ይገዛል።

ድምሩን እንይ። ከአክስት 5,560፣ ከራሳቸው 2,160፤ 7,720 ዶላር። ለ8,000 የቀረበ ይመስላል። ግን 8,000 የዛሬ ዋጋ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያቸውን በየዓመቱ ይጨምራሉ። በዓመት 4 በመቶ ብንወስድ ከሦስት ዓመት በኋላ 9,000 ዶላር ነው የሚጠየቀው። ዶላር ሒሳቡም 2 በመቶ ብቻ ስለሚያስገኝ ከትምህርት ክፍያው ጋር እኩል አይሮጥም። የጎደለው ወደ 1,280 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ የዋጋ ግሽበት የሚባለውን ነገር በቦታው እናስቀምጥ። ሰው ሲያወራ «ግሽበቱ ቁጠባዬን በላው» ይላል። የኢትዮጵያ ግሽበት በ2014 እና በ2015 ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ለአዲስ ቤት፣ ለሠርግ፣ ለንግድ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ቁጥር ዋናው ነው፤ 7 በመቶ ወለድ ከዚህ በታች ስለሆነ በየዓመቱ ይጎዳል። ለውጭ ትምህርት የተቀመጠ ብር ግን እዚህ ጤፍና ዘይት አይገዛም። የሚጎዳው በሐዋሳ ገበያ ዋጋ በቀጥታ ሳይሆን በተመኑና ልጅቷ በምትሄድበት አገር ባለው የክፍያ ጭማሪ ነው። የአገር ውስጥ ግሽበት ውሎ አድሮ ተመኑን መግፋቱ አይቀርም። ግን በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ፍጥነት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መደመር ኪሳራውን ሁለቴ መቁጠር ነው።

የአገር ውስጥ ግሽበት በቀጥታ የሚነካው ሌላ ነገር ነው፤ ያ 12,000 ብርን። ከሦስት ዓመት በኋላ 12,000 ብር መቆጠብ ከዛሬ ይልቅ ይቀላል። ምክንያቱም የልብስ ዋጋ ሲወጣ የእናትየው ሱቅ ሽያጭ በብር ያድጋል፣ የመምህሩም ደመወዝ ዘግይቶም ቢሆን ይጨመራል። ቁጠባው ግን በመጀመሪያው ቀን በተወሰነው ቁጥር ላይ ቆሞ ይቀራል። ብዙ ቤት ይህ ነው የሚሆነው። ለባንክ ቋሚ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ከዚያ ይረሳል።

ይህን ነገር ከወለድ ጋር እናወዳድር። ቤተሰቡ ብሩን ሰብሰብ እያደረገ በጊዜ ገደብ ቢያስቀምጥና በድርድር 12 በመቶ ቢያገኝ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቢበዛ 517,000 ብር ገደማ ነው። በተግባር ግን ወርሃዊው ብር እስኪጠራቀም በ7 ስለሚቆይ 500,000 አካባቢ ብንል ይሻላል። 2,260 ዶላር ይገዛል። ጭማሪው 100 ዶላር ብቻ ነው። አንድ ሰው ለተሻለ ወለድ ሦስት ባንክ ዞሮ የሚያገኘው ይህን ነው። ካገኘ መልካም ነው፣ ግን ቀዳዳውን አይደፍንም።

ይልቅ ወርሃዊውን ብር በሁለተኛው ዓመት ወደ 13,500፣ በሦስተኛው ወደ 15,000 ቢያደርጉት፣ በዚያው በ7 በመቶ ወለድ እንኳ 536,000 ብር ገደማ ይደርሳል። 2,420 ዶላር ነው። ጭማሪው 260 ዶላር። ከተሻለው ወለድ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። ቁጠባውን መስከረም ሲጠባ፣ የዓመቱ ሽያጭ ሲታይ፣ ማስተካከል ነው።

አሁንም 1,020 ዶላር ይጎድላል። አክስትየው 150ውን 180 ብታደርገው፣ በሦስት ዓመት ከነወለዱ 1,110 ዶላር ይጨምራል። ተሞላ። 30 ዶላር በወር ለእሷ ምን ያህል እንደሚከብድ እሷ ነች የምታውቀው። ግን ዛሬ፣ በ10ኛ ክፍል፣ «30 ጨምሪልን» ማለት ከሦስት ዓመት በኋላ «1,000 ዶላር ባስቸኳይ ላኪልን» ከማለት በጣም ይቀላል። ለዚህ ነው ስሌቱን አሁን መሥራት ያለባቸው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። አንደኛው ዶላር ራሱ ነው። ልጅቷ የምትሄደው ወደ አውሮፓ ከሆነ ክፍያው በዩሮ ነው፤ ሕንድ ከሆነ አንዳንዱ ተቋም ለውጭ ተማሪ በዶላር፣ አንዳንዱ በሩፒ ያስከፍላል። የተቋሙን የክፍያ ሠንጠረዥ አውጥታችሁ በምን ገንዘብ እንደተጻፈ እዩ። ክፍያው በዩሮ ሆኖ ቁጠባው በዶላር ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም በእናንተ ላይ ይወድቃል። ባንኩ የዩሮ ሒሳብ የሚከፍት ከሆነና አክስትየውም የምትልከው ከአውሮፓ ከሆነ በዩሮ ማስቀመጥ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ግን ለዚያ ብቻ ብላችሁ በየወሩ አትመንዝሩ፤ የምንዛሪ ወጪው እንደገና ይመጣል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የብሩ ክፍል ወደ ዶላር የሚለወጠው ማስረጃ ሲቀርብ ስለሆነ ማስረጃው በዘገየ ቁጥር በተመኑ ላይ ያለው አደጋ ይረዝማል። ባንኩ የሚፈልገው በአብዛኛው የመቀበያ ደብዳቤ፣ የክፍያ መጠኑንና የተቋሙን የባንክ ሒሳብ የያዘ የክፍያ መጠየቂያ፣ እና የልጅቷ ፓስፖርት ነው። ልጅቷ 12ኛ ክፍል እያለች በመጀመሪያው መንፈቅ ካመለከተችና መጋቢት ላይ ደብዳቤው ከመጣ፣ ነሐሴን መጠበቅ የለም። ብዙ ተቋማት የመጀመሪያውን ክፍያ ወይም ቦታ መያዣውን ቀደም ብለው ይቀበላሉ። በዚያው ሳምንት ለባንኩ ማመልከት፣ የብሩን ክፍል አስቀድሞ ማውጣት፣ በዶላር ሒሳቡ ያለውን ለኋላ ማቆየት ነው። ነሐሴ ላይ ሁሉም ወላጅ በአንድ ላይ ስለሚመጣ ወረፋው ይረዝማል። ከመክፈላችሁ በፊት ቪዛ ቢከለከል ተቋሙ ስንት እንደሚመልስና በስንት ጊዜ እንደሚመልስ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚመለሰው ገንዘብ ከውጭ የገባ የውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ለባንኩ በየትኛው ሒሳብ እንዲገባ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ተመንዝሮ ብር ሆኖ ሊደርሳችሁ ይችላል።